ለቅዳሜ አጥቢያ

የእኛ አገር ሰው ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ይጀምራል። ብርሃን ከታየ በኋላ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «አንድ ሰዓት ሆነ» ይላል፤ ነገሩ ከዓይን የራቀ አይደለም። ኮምፒውተር ግን ቀኑን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያውም የእኛን እኩለ ሌሊት ሳይሆን የግሪንዊችን ተከትሎ ነው። በእነዚህ ሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ርቀት በሒሳብ ቀላል ይመስላል። ርቀቱ ሰውን ከቀብር ሊያስቀር እንደሚችል የተረዳሁት ግን ለአንድ እድር የቴሌግራም ቦት በሠራሁ ጊዜ ነው።

እድሩ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ ከጊዜ በኋላ እስከ ሰመራ የተዘረጋ ነው። ልጆች ለሥራ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሲሄዱ አባልነታቸውን ይዘው ሄዱ። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ቀብር አይዘገይም፤ የአዋሽ ሸለቆ ሙቀትም ቢሆን መዘግየትን አይፈቅድም። ስለዚህ «ስንት ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ እዚያ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ጸሐፊው፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ የቀብሩንም የመዋጮውንም የውሃ ቦቴውንም ማስታወቂያ በየማለዳው በእጃቸው ወደ ቻናሉ ይጽፉ ነበር። የፈለጉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ጽፈውት ያደሩት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራሱ እንዲወጣ።

ቦቱን ማስነሣቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በቴሌግራም ውስጥ ለ@BotFather ተጽፎ ስምና ቶክን ይገኛል፤ ቦቱም በቻናሉ ላይ አስተዳዳሪ ይደረጋል፤ ሆኖም መልእክት ከማውጣት በቀር ሌላ ሥልጣን አይሰጠውም። ቶክኑ የእድሩ ማኅተም ማለት ነው፤ ያገኘው ሁሉ በእድሩ ስም ሊናገር ይችላል። ማስታወቂያውን የሚያወጣው ትእዛዝ ይህን ያህል ነው፤

```
curl -s "https://api.telegram.org/bot$TOKEN/sendMessage" \
  -d chat_id="$CHAT" \
  --data-urlencode text@today.txt
```

ትእዛዙን በየዕለቱ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ይህ መስመር ነው፤

```
0 4 * * * /opt/idir/post.sh
```

እዚህ ላይ ያለው 4 የመጀመሪያው መተርጎሚያ ነው። የተከራየነው ሰርቨር የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው። የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ 4 ይሆናል። በአጭሩ፣ የቀን ሰዓታችንን ወስደን ሦስት ብንጨምርበት ሰርቨሩ የሚያውቀውን ሰዓት እናገኛለን። የሌሊቱ ግን ቀንም ይለውጣል። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በሰርቨሩ ዘንድ ገና ዓርብ ነው፤ 23 ሰዓት። የቀኑን ስም ከሰርቨሩ የሚወስድ ቦት በዚያ ሰዓት ቢናገር የትናንቱን ቀን ይጠራል።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ መጣ። ማስታወቂያው በራሱ ላይ የኢትዮጵያን ቀን መያዝ ነበረበት። ስሌቱ አያስቸግርም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2025ን እንውሰድ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ ከዚያ እስከ ጃንዋሪ 4 ድረስ 115 ቀን አለ። 115 ለ30 ሲካፈል 3 ደርሶ 25 ይተርፋል። ሦስት ወር አልፏል ማለት ነው፤ አራተኛው ወር ታኅሣሥ ነው፤ ካለፉት 25 ቀናት ቀጥሎ ያለው ደግሞ 26ኛው ቀን። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.። ወጥመዱ ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር። አዲስ ዓመትን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚያስቀምጥ ቦት በእንዲህ ያለው ዓመት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይኖራል፤ ሰውም አምኖት አንድ ቀን ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ ግን በቁጥር የሚፈታ ነበር። በቁጥር ያልተፈታው የቋንቋው ነገር ነው። ጸሐፊው ለሙከራ ከሰጡኝ ማስታወቂያዎች አንዱ «ለቀስተኛ የሚወስደው መኪና ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ከሰመራ ይነሣል» ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትኛው ሌሊት ነው?» አልኳቸው።

«ሐሙስ ከመሸ በኋላ ያለው ነዋ! ሌላ ምን ሐሙስ ሌሊት አለ?»

አብራቸው የምትሠራው የሰመራዋ የኮሚቴ አባል ግን ፈገግ አለች። «እኛ ቤት እንኳ ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማል፤ የጁምዓ ሌሊት የምንለው ሐሙስ ማታን ነው። እኔ ብሆን ረቡዕ አድሬ ሐሙስ ንጋት ላይ እወጣ ነበር» አለች።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ግን ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ በዚህ መካከል ቀብሩ ያልፋል። መፍትሔውን ያገኘነው በፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሳይሆን በራሳችን አማርኛ ውስጥ ነው። «ለዓርብ አጥቢያ» የሚል ሰው የሚያወራው ስለሚነጋው ቀን ነው፤ የትኛው ሌሊት እንደሆነ የሚያከራክር ነገር አይተውም። ስለዚህ ቦቱ ማስታወቂያውን ማታ ሲቀበል ያነብበዋል፤ «ሌሊት» የሚል ቃል አግኝቶ «አጥቢያ» የሚል ካጣ ለጸሐፊው መልሶ ይልካል። «1 ሰዓት» ተብሎ ጠዋት ወይም ማታ ካልተባለም እንደዚሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በቻናል የወጣ የተሳሳተ ሰዓት በኋላ ቢታረም እንኳ የመጀመሪያውን አንብቦ ስልኩን ያጠፋውን ሰው አይደርስበትም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዝምታ ነው። ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ ኪራዩ ቢያልቅ፣ ቶክኑ ቢለወጥ፣ ቦቱ የሚያሳየው ምልክት አንድ ነው፤ አይናገርም። ዝም ያለ ቻናል ደግሞ «ዛሬ ምንም የለም» እንደሚል ቻናል ይመስላል። እንግዲህ ማስታወቂያ በሌለበት ቀን እንኳ ቦቱ «ዛሬ ማስታወቂያ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ 1 ሰዓት ላይ ይህ ካልታየ ሁሉም ሰው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ከዝምታ የባሰው የትናንቱን መድገም ነው። ጸሐፊው አንድ ማታ ሳይጽፉ ቢያድሩ ፋይሉ ውስጥ ያለው የትናንቱ ጽሑፍ ነው፤ የትናንት ቀብር ዛሬ እንደ አዲስ ቢታወጅ ሁለት ሞት ይመስላል። ስለዚህ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር የሚወጣበት ቀን ነው፤ ቀኑ ከዛሬው ጋር ካልገጠመ ጽሑፉ አይወጣም። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ከቴሌግራም `"ok":true` የሚል መልስ ካልመጣ፣ ቦቱ ወዲያው ደግሞ አይልክም። መልእክቱ ደርሶ የጠፋው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላልና ሰው ቻናሉን አይቶ ይወስናል።

አፋር ውስጥ ስለ ማስታወቂያ ሲወራ ዳጉን አለማንሣት ነውር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ወይም ጥላ ፈልገው ተቀምጠው፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። ያየኸው ምንድን ነው? የሰማኸው ምንድን ነው? ከማን ሰማህ? መቼ? እየተባለ ይጠየቃል፤ ውሸት የተናገረ ሰውም በማኅበረሰቡ ዘንድ ይዋረዳል። የሰመራዋ የኮሚቴ አባል «ማሽንህ ይህን ካልጠየቀ ለእኛ ሰው ወሬ አይሆንም» ባለችኝ ጊዜ ሁለት መስመር ጨመርኩ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ «ያየነው» ወይም «የሰማነው» ከሚለው በአንዱ ሥር ይገባል፤ ከሥሩም የተነገረበት ሰዓት ይጻፋል።

ይህ አከፋፈል የተፈተነው በዚያው በታኅሣሥ 26 ቀን ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም 5.7 ብሎ የመዘገበው ርእደ መሬት መጣ። ሰመራ ያሉ ልጆች ስልክ መደወል ያዙ። የዕለት ቦት ለዚህ አይረዳም፤ ማስጠንቀቅ አይችልም፤ ሰዓቱን ይጠብቃል። ጸሐፊው ግን እስከ 1 ሰዓት ድረስ ሰው እያስደወሉ መዝገቡን ሲሞሉ ቆዩ። ማስታወቂያው በሰዓቱ ወጣ፤ «ያየነው፦ የለም። የሰማነው፦ ከ35 ቤቶች 31 ስልክ አንሥተው ደኅና ነን ብለዋል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። 4 ቤቶች ገና አልተገኙም።»

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ፤ ሌላ ሰው ቦት ሲሠራ ይጠቅመው ይሆናል። ቴሌግራም ጽሑፍን የሚያደምቅበት `MarkdownV2` የተባለ ስልት አለ። በዚያ ስልት ሲላክ የእኛ አራት ነጥብ ምንም አያደርገውም፤ እንደ 5.7 ባለ ቁጥር ውስጥ ያለችው ነጥብ ግን ከፊቷ `\` ካልተደረገላት መልእክቱ በሙሉ ይመለሳል። ለደመቀ ፊደል ሲባል ማስታወቂያ እንዳይቀር፣ ቦቱ ከመጀመሪያውም የሚልከው ግልጹን ጽሑፍ ብቻ ነው።

ቦቱን ባስረከብኩ ጊዜ ጸሐፊውን የስልክ መዝገባቸውን እንዳይጥሉ አደራ ብያቸዋለሁ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ወር ያህል ቴሌግራም በአገሪቱ ታግዶ ነበር፤ ያኔ እድሩን ያኖረው ያ በእጅ የተጻፈ ደብተር ነው። በዚያች ቅዳሜም አራቱን ቤቶች የፈለጋቸው ደብተሩ ነው። ሦስቱ እስከ ቀትር ተገኙ። የአራተኛው ቤት ሰዎች ስልካቸውን ሳይዙ ወደ ዘመድ ሄደው ነበርና የተሰሙት በማግሥቱ ነው። የእሑዱ ማስታወቂያ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ያየነው፦ አራተኛው ቤት ደኅና ነው፤ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ።»