ዙሩ ሆን ብሎ ሲወርድ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ሆቴል ሁለት የናፍጣ ጀነሬተሮች አሉት እንበል፤ አንዱ 400 ኪሎዋት፣ ሌላው 200። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ተነሥተው በአንድ ባስባር ላይ ይገናኛሉ። ወጥ ቤቱ ምድጃዎቹን ሲያበራ የተጨመረውን ሎድ ማን ምን ያህል ይሸከማል? በመካከላቸው መልእክት የሚያደርስ ሽቦ የለም እንበል። ሆኖም በትክክል ይካፈሉታል። እኔ ከዚህ ሙያ ብልሃቶች ይህን የምወደውን ያህል የምወደው የለም።

ሥራው የገቨርነሩ ነው፤ የሞተሩን ዙር እያየ ናፍጣ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ። ባለ 4 ፖል ጀነሬተር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር 50 ሄርዝ ይሰጣል። ብዙ ሰው ጥሩ ገቨርነር ማለት ሎዱ ቢበዛም ቢያንስም ከ1,500 ንቅንቅ የማይል ይመስለዋል። ብቻውን ለሚሠራ ጀነሬተር ልክ ነው። ሁለት ሲሆኑ ግን ችግር ይመጣል። እንደ ጥማድ በሬዎች በአንድ ቀንበር ስለታሰሩ አንዱ ከሌላው ቀድሞ መሄድ አይችልም፤ የሚለያዩት በሚጎትቱት ጉልበት ብቻ ነው። አንዱ ገቨርነር 50፣ ሌላው ለጥቂት ተዛብቶ 50.05 ሄርዝ ላይ ተስተካክሎ ቢሆን፣ ሁለተኛው ገና አልደረስኩም እያለ ናፍጣ ሲጨምር የመጀመሪያው አለፍኩ እያለ ይቀንሳል። ማናቸውም አይረኩም። በመጨረሻ አንዱ ሎዱን ሁሉ ይሸከማል፤ ሌላው ናፍጣው ተዘግቶ ከባስባሩ ኃይል እየሳበ እንደ ሞተር ይዞራል፤ ያን ጊዜ የሪቨርስ ፓወር ሪሌይ ብሬከሩን ይጥለዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሄርዙ መለኪያ ብዙም ሳይነቃነቅ የኪሎዋት መለኪያዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሸሻሉ።

መድኃኒቱ ድሩፕ ነው፤ ሎድ ሲጨምር ዙሩ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲወርድ ማድረግ። 4 በመቶ ድሩፕ ማለት ከባዶ እስከ ሙሉ ሎድ 2 ሄርዝ መውረድ ነው። ስለዚህ በሆቴላችን ትልቁ ማሽን ፍሪኩዌንሲው በወረደ ቁጥር በእያንዳንዱ 1 ሄርዝ 200 ኪሎዋት ይጨምራል፣ ትንሹ 100፤ አንድ ላይ 300።

ሁለቱም በግማሽ ሎድ 50 ሄርዝ ላይ ናቸው እንበል፤ 200 እና 100 ኪሎዋት። አሁን 120 ኪሎዋት ተጨመረ። በመጀመሪያው ቅጽበት ኃይሉ የሚመጣው ከሚዞረው ብረት ጉልበት ነው፤ ዙሩ ይቀንሳል፣ ገቨርነሮቹም ያያሉ። ፍሪኩዌንሲው 0.4 ሄርዝ ወርዶ 49.6 ላይ ይረጋል። ትልቁ 80 ጨምሮ 280፣ ትንሹ 40 ጨምሮ 140 ይሸከማል። ሁለቱም 70 በመቶ ላይ ናቸው። መልእክቱን ያደረሰው ፍሪኩዌንሲው ራሱ ነው።

ወደ 50 መመለስ የሚፈልግ ኦፕሬተር የሁለቱንም የፍጥነት ማስተካከያ 0.4 ሄርዝ ከፍ ማድረግ አለበት። የትልቁን ብቻ 0.3 ቢያነሣ ግን ፍሪኩዌንሲው 49.8 ብቻ ይደርሳል፤ ትልቁም ከትንሹ 20 ኪሎዋት ይወስድና 300 እና 120 ይሆናሉ። ከአገር አቀፉ መረብ ጋር ስትገናኙ ደግሞ መረቡ ፍሪኩዌንሲው በእናንተ ማሽን የማይነቃነቅ ግዙፍ ስለሆነ፣ ያው ማስተካከያ በተግባር ሎድ ብቻ ነው የሚቀይረው። (ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የተዘረጋው ትልቁ መስመር ቀጥተኛ ጅረት ስለሚያስተላልፍ ኃይል እንጂ ፍሪኩዌንሲ አያጋራም፤ የእኛ ገቨርነሮች የናይሮቢን ፍሪኩዌንሲ መውረድ በእሱ በኩል በቀጥታ አያዩትም።)

ድሩፑ እኩል ካልሆነስ? የትንሹን ወደ 2 በመቶ አውርዱት፤ እሱም እንደ ትልቁ በሄርዝ 200 ኪሎዋት ይጨምራል። ከዚያው ከግማሽ ሎድ ተነሥተን 120 ስንጨምር እኩል 60፣ 60 ይካፈላሉ፤ ትልቁ 260፣ ትንሹ 160። ሎዱ 500 ሲደርስ ትንሹ 200 ሞልቶ ጨርሷል፣ ትልቁ ግን ገና 100 ኪሎዋት ይተርፈዋል። ከዚህ በላይ ቢጨመር ትንሹ ማሽን ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ በወረቀት ላይ ግን 600 ኪሎዋት አላችሁ።

ስለዚህ ሁለቱ ፓራለል ሲሆኑ ክፍፍሉ ከተዛባ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አንቀሳቅሳችሁ ባዶ ላይና ሙሉ ሎድ ላይ ሄርዙን አንብቡ፤ ልዩነቱ ድሩፑን ይነግራችኋል። ኪሎዋቱ በትክክል ተካፍሎ አምፔሩ ብቻ ከተዛባ ግን ገቨርነሩን አትንኩት፤ ጉዳዩ የቮልቴጅ ሬጉሌተሩ ነው።