«5558ttt» ያለው መልእክት

ከመካከላችን «ጀጀጀከከ» የሚል መልእክት ደርሶት የማያውቅ ሰልጣኝ አለ ብዬ አላምንም። እኔ ግን በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁና፣ ስህተቴ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

እዚሁ ሐዋሳ ታቦር አካባቢ የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጇ ስልኳን ካገኘ ለእኔ ሳይጽፍ አይውልም። የሱን ጽሑፍ አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ አንዱ ፊደል ሠላሳ አርባ ጊዜ ይደጋገማል፣ ከዚያ የሚስቅ ፊት ይከተላል፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ ብቻ የሚሰማበት የድምፅ መልእክት ይመጣል። ለዚህ በጽሑፍ መመለስ ከንቱ ነው፤ ልጁ አያነብም። እኔ በድምፅ «ጎበዝ! በል ስልኩን ለእማዬ ስጣት» እለዋለሁ። እህቴ ከጓዳ ሆና ድምፄን ስትሰማ ትመጣና ትቀማዋለች።

የኪስ መልእክት ሌላ ነው። ኪስ ስም ፈልጎ አይጽፍም። ባለቤቱ የእናንተን መልእክት አንብቦ ስልኩን ሳይቆልፍ ኪሱ ሲከተው፣ ክፍት በቀረው ገጽ ላይ ጭኑ ይጽፍበታል። ስለዚህ የኪስ መልእክት ብዙውን ጊዜ እናንተ ከጻፋችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመጣል፤ ፊደሎቹም በገበታው ላይ ጎረቤታሞች ናቸው፣ hhjjk እንደሚባለው። ለዚህ «ስልክህ ክፍት ነው፣ ቆልፈው» ማለት ይበቃል። በቀልድ ሌላ ዝባዝንኬ መመለስ ግን ደግ አይደለም፤ ሰውዬው ኋላ ሲያየው የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋበታል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እናቴ ይርጋለም ናት። ያላት ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቁጥር ግን ከብር ላይ ለምዳ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ሦስት መልእክት ተከታትሎ ገባ፤ የመጀመሪያው 5558ttt ይላል፣ ሁለቱም ከዚያ አይሻሉም። ምን ልበላችሁ፣ ሳቅሁ! ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼም አነበብኩላቸው። «የማን ጣት ነው?» ብዬ መለስኩና ወደ ክፍል ገባሁ። ለማታነብ እናት!

ማታ ስደውል ነው የሰማሁት። ታናሽ ወንድሜ ሌሊት ትኩሳት ጥሎት ጎረቤት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አድርሶታል። እናቴ ደጋግማ ደውላልኝ ነበር። የተዘጋ ስልክ ላይ የተደወለ ጥሪ እኔ ዘንድ ምንም ምልክት አልተወም፤ መልእክት ግን ስልኩ እስኪከፈት ድረስ እዚያው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ይጠብቃል። ወንድሜ ይህን ቀደም ሲል ነግሯት ኖሮ፣ እሷም የመልእክቱን ቦታ በጣት ቆጥራ አገኘችውና ያገኘችውን ቁልፍ ነካክታ ላከች። ልጁ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። እሷ ግን ያን ቀን ሙሉ «አንብቦ ዝም አለኝ» ስትል ዋለች።

ኋላ ተቀምጬ መልእክቶቹን ሳያቸው ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፎ ነበር። ከመጡ በፊት ለሳምንት ያህል አልተጻጻፍንም፤ ስለዚህ የተከፈተ ገጽ ጠብቆ የጻፈ ኪስ አልነበረም። የተላኩበት ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ኪስ ውስጥ አይደለም፣ ልጅም አይጫወትም። በሦስቱ መካከል አምስት አምስት ደቂቃ ያህል አለ፤ ልክ መልስ እየጠበቀ እንደሚደግም ሰው። ደግሞም 5 የሚለው ቁጥር! በባለቁልፍ ስልክ ያን ቁልፍ ነካ ቢያደርጉት j፣ k ወይም l ነው የሚወጣው፤ ቁጥሩ እንዲመጣ ተጭኖ መቆየት ወይም ደጋግሞ መንካት ያስፈልጋል። በእርጋታ የተጫነ ጣት ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ በማይረባ ሰዓት ዝባዝንኬ ከመጣልኝ አልጽፍም፣ እደውላለሁ። (ከማላውቀው ቁጥር ከሆነ ግን አልመልስም፤ ስሜን ለማን ነው የምነግረው?) በአማርኛ ጽፌላት ቢሆን ኖሮም ያ አሮጌ ስልክ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፣ ጎረቤት ቢያነብላት እንኳ የሚያየው ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ነበር።

ለፋሲካ ይርጋለም ሄጄ ከእናቴ ጋር ተስማማን። 1 ብቻ ከላከች «ሲመችህ ደውል» ነው፤ 9 ከላከች «አሁኑኑ» ነው። ቁልፉን ተጭና ቁጥሩ እስኪወጣ መቆየትን አንድ ከሰዓት ተለማመድን። ስልኬንም ማታ አልዘጋም።

ባለፈው ማክሰኞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ 9 መጣ። መምህሩን አስፈቅጄ ሮጬ ወጣሁ፣ ደወልኩ።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም ልጄ፣» አለችኝ፤ «ይሠራ እንደሁ ልይ ብዬ ነው።»