ለቆጠራው ፈቃደኛ የሆናችሁ

የ2015 በጀት ዓመት የተዘጋው አርብ ሰኔ 30 ቀን ነበር። ቅዳሜ ሐምሌ 1፣ እሁድ ሐምሌ 2 ሆነ ማለት ነው። ንብረት ለሚቆጥር ሰው ከዚህ የተመቸ የቀን አቀማመጥ አይገኝም፤ ዓመቱ ባለቀ ማግስት መጋዘኑን ዘግቶ፣ ገቢና ወጪ አቁሞ መቁጠር ይቻላል። ያኔ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የንብረት ሒሳብ እይዝ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኞች አራት ናቸው፤ ቆጠራው ግን በአንድ ፈረቃ ስምንት ጥንድ ሰው ይፈልጋል። የጎደለው ከሽያጭ፣ ከግዢና ከቢሮ መምጣት ነበረበት፤ ያውም በዕረፍት ቀኑ።

አስተዳደር ክፍሉ የላከልኝ ረቂቅ ማስታወቂያ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ተገቢው ክፍያ ይፈጸማል። በ2014ም ይኸው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የተመዘገበው ጥቂት ሰው ስለነበር ቀሪውን አለቆች አንድ በአንድ እየጠሩ «አንተም ግባ» አሉት። ተገድዶ የገባ ሰው እሁድ ከሰዓት በኋላ ካርቶን ከፍቶ አያይም፤ ላዩ ላይ የታተመውን ብዛት ገልብጦ ይሄዳል። ከዚያ ቆጠራ የወጣውን ልዩነት ስናጣራ እስከ መስከረም ቆይተናል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን እኔ ልጻፈው ብዬ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩ። ሠራተኛው የሚፈልገው ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚሠራና ስንት ብር እንደሚያገኝ ነው አልኳቸው። «ጻፊውና አምጪው» አሉኝ።

ሰዓቱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ እሁድ ጠዋት ከ2፡00 እስከ 6፡00፣ እሁድ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30። እያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ እሁድን ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው እንዳይኖር፣ ከሁለቱ የእሁድ ፈረቃዎች አንዱን ብቻ እንዲመርጡ ጻፍኩ። ይህ አከፋፈል ሌላም ጥቅም ነበረው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ወይም አምልኮ ያለበት ሰው ቅዳሜን ወይም እሁድ ከሰዓትን ይይዛል፤ የእሁዱን ጠዋት ደግሞ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ቀድመው ያዙት። የሐዋርያት ጾም ገና ስላልተፈታ ምሳው የጾም እንደሚሆን፣ ሰርቪሱም ከቀኑ 11፡45 ላይ እንደሚነሳ ጨመርኩ። በሐምሌ ዝናብ ከቃሊቲ ታክሲ መጠበቅን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሰርቪሷ መስመር ብቻዋን ብዙ ሰው አስመዝግባለች ብዬ አምናለሁ።

ክፍያው ላይ ነው ክርክር የገጠመኝ። ሥራ አስኪያጁ ለእሁዱ ከገንዘብ ይልቅ ምትክ ዕረፍት ብንሰጥ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። አዋጁን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን የሠራ ሰው የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል፣ ምትክ ዕረፍትም ያገኛል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የቅዳሜው ከሰዓት የቀን ትርፍ ሰዓት ስለሆነ በአንድ ተኩል ይባዛል። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያው ሁለቱንም ጻፊ» አሉ።

ጻፍኩት። ማባዣውን ብቻ ግን አላስቀመጥኩም፤ በምሳሌ አሰላሁት። ወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ ሰው በእኛ አሠራር ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይደርሰዋል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ቢሠራ 180 ብር፣ እሁድ አራት ሰዓት ቢሠራ 240 ብር፣ ድምሩ 420። ወረቀቱ በተለጠፈ ዕለት ከእሽግ ክፍል አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ይኼ 420 እጄ ላይ ስንት ሆኖ ይደርሳል?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የእሳቸው ደመወዝ ልክ እንደ ምሳሌው 6,240 ነው፤ በዚያን ጊዜ በነበረው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ5,250 በላይ እስከ 7,800 ብር ያለው በ25 በመቶ ስለሚታሰብ ከ420ው 105 ብር ይቆረጣል። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ስለሆነ ትርፍ ሰዓቱን አይነካም። 315 ብር አልኳቸው። ወዲያው ተነስቼ በማስታወቂያው ግርጌ በእስክሪብቶ ጨመርኩት፤ «ከግብር በኋላ 315»። እሳቸውም ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ላይ ስማቸውን ጻፉ።

ሥራውንም በግልጽ ከፋፈልነው፤ ጠሪ፣ ጸሐፊ፣ ዕቃ አውራጅ። ጠሪው በእጁ እየነካ ይቆጥራል፣ ጸሐፊው ቅጹ ላይ ያሰፍራል። ቅጹ የዕቃውን ኮድና ስም እንጂ በካርዱ ላይ ያለውን ብዛት አይዝም፤ ሰው የሚጠበቀውን ቁጥር ካየ እዚያ ሲደርስ ያቆማል። የግምጃ ቤት ሠራተኞች በኃላፊነታቸው ያለውን መደርደሪያ አይቆጥሩም፤ ዕቃው የት እንዳለ ያሳያሉ፣ መሰላል ይይዛሉ። ይህን አስቀድመን በማስታወቂያው ላይ በመጻፋችን በዕለቱ የተቀየመ ሰው አልነበረም። አርብ ማታ የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር መዝግበን ፈረምን፣ ቅዳሜ ጠዋት በመደበኛው ሰዓት መደርደሪያዎቹ ላይ ምልክት ለጠፍን፣ 7፡30 ላይ ቆጠራው ተጀመረ።

ከሁሉም ያስቸገረን የባለ ግማሽ ኢንች ኤልቦ ነው። ካርዱ 1,140 ይላል፣ ቅዳሜ የቆጠሩት 1,020 አገኙ። እሁድ ጠዋት ሌላ ጥንድ ሳይነገራቸው ደግመው ቢቆጥሩም 1,020 ሆነ። ሁለት የማይተዋወቁ ቆጠራዎች አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ስህተቱ ቆጣሪው ዘንድ አይደለም፤ ወይ ሰነድ ላይ ነው፣ ወይ ዕቃው ሌላ ቦታ ነው። 120 ደግሞ የአንድ ሙሉ ካርቶን ልክ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱን አየን፤ የባለ ሦስት ሩብ ኤልቦ ልክ 120 ትርፍ አሳይቷል። ይሁንና ቁጥሩ ገጠመ ብሎ በወረቀት ማቻቻል አይፈቀድም፤ ካርቶኑን በዓይን ማግኘት ያስፈልጋል። ከሽያጭ ክፍል የመጣች ወጣት ነች ያገኘችው። ከላይኛው ረድፍ አንዱን ካርቶን አውርዳ ከፍታ ሁለት ኤልቦ በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤ የአንዱ አፍ ከሌላው በግልጽ ይጠባል። የካርቶኑ ጽሑፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስለነበር ከፊት የሚታይ ልዩነት አልነበረውም። «ሁሉንም ክፈቱ ተብሎ ስለተጻፈ ነው የከፈትኩት» አለች። ቅጹ ላይ ሁለቱንም አርመን፣ እሷና ጸሐፊዋ ፈረሙ።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይም ሌላ ችግር ነበር፤ አንዱ ጥንድ በጥቅል፣ ሌላው በሜትር ጽፎ ነበርና የተከፈቱትን ጥቅልሎች አውጥተን በሜትር ለካን። ቢሆንም እሁድ 11፡30 ላይ ሰው ሁሉ ወጣ። ያልተጣሩ ጥቂት ዕቃዎች ቀርተው ነበር፣ ሥራ አስኪያጁም ትንሽ ቆዩልን ሊሉ ፈልገው አየኋቸው። ሰርቪሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ማስታወቂያውም 11፡30 ይላል። ቀሪውን ሰኞ በመደበኛ ሰዓት ከግምጃ ቤት ሠራተኞች ጋር ጨረስነው፣ ልዩነቱም ከሐምሌ ሳይወጣ ተዘጋ።

የሐምሌ ደመወዝ ሲከፈል የእሽግ ክፍሉ ጎልማሳ የክፍያ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ትርፍ ሰዓቱ 420፣ የተጨመረው ግብር 105። ምትክ ዕረፍቱን መቼ መውሰድ እንደሚችሉ ጠየቁኝ፤ የእሽግ ኃላፊው ለማክሰኞ ጠዋት ፈረሙላቸው።