«ሲስተር ከሌለች አይታወቅም»

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ አይደለም የምጽፍላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ታካሚን ስለሚጎዳ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጤና ተቋም እሠራ ነበር። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍሉን የምትይዘው በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ነርስ ነበረች። ሥራዋን እንደሷ የሚያውቅ አልነበረም። ታካሚው በር ላይ ሲደርስ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የሚወስደውን መድኃኒት በቃሏ ትነግርሃለች። ካርዶቹ የሚቀመጡት እንደ ሌላው ክፍል በቁጥር ሳይሆን እሷ ብቻ በምታውቀው አደራደር ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም እሷ ኪስ ውስጥ። ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ሽፋኑ የተላጠ ሰማያዊ ደብተር አለ። የዶዝ ለውጥ፣ የቀጠሮ ቀን፣ የታካሚ ስልክ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

አዲስ ነርስ ተመድቦ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አምጣው፣ እኔ ልሥራው።» በቁጣ አይደለም፤ በፈገግታ ነው። ሥራው ያልቃል፤ ጠያቂው ግን እንደመጣ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ይዞ ይመጣል። እኛም ለመድን። ማንም ስለ ክትትል ክፍሉ ሲጠይቀኝ «ሲስተርን ጠይቃት» እል ነበር። ለኔም ምቹ ነበርና።

ከዚያ እናቷ አረፉና ለሦስት ሳምንት ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት የአያቷን ኢንሱሊን ልትወስድ መጣች። አያቷ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ለብዙ ዓመት ስኳር የያዛቸው እናት ናቸው። ልጅቷ አያቷን ለማስታመም ገና መምጣቷ ነው፤ ዶዙ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶባታል። ተተኪው ነርስ ቁም ሣጥኑን አስከፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ፈልጎ ካርዱን አገኘ። ካርዱ ላይ ያለው ጠዋት 28፣ ማታ 14 ዩኒት ነው። ያንን ጻፈላት። ጥፋት አልሠራም፤ ያነበበውን ነው የጻፈው።

እውነተኛው ዶዝ ግን ጠዋት 18፣ ማታ 8 ነበር። ከሁለት ወር በፊት የኩላሊት ምርመራቸው ከፍ ብሎ ስላየሁት የቀነስኩት እኔ ነኝ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወገድም፤ ስለዚህ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ይበዛል። የዚያን ቀን ካርዳቸው አልተገኘም ነበር። ለሲስተር በቃል ነገርኳትና «ካርዱን ስታገኚው ጻፊበት» አልኳት። እሷ ሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፈችው። ካርዱ ላይ አልተጻፈም። እኔም ተመልሼ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናትየው በላብ ተጠምቀው፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ስተው፣ ምላሳቸው እየተኮላተፈ መጡ። የደም ስኳራቸው 34 ነበር። በደም ሥር 40 በመቶ ግሉኮስ ሰጠናቸው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው «ምን ሆንኩ?» አሉ። ግን ነቁ ተብሎ ወደ ቤት አይላኩም። ደመናማው ኢንሱሊን ለብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከዚያም ይቆያል። ስለዚህ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ግሉኮስ እንደተሰካላቸው ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ደግነቱ ተረፉ።

ሲስተር ስትመለስ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ግን ግማሹ ጥፋት የኔ መሆኑን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና ይዘን ቁጭ አልንና የሆነውን ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ ድሮ የምሠራበት ቦታ አንዲት ልጅ ሁሉንም አስተማርኳት። በስድስት ወሯ ደመወዟ ያንሳል ብለው እሷን አስቀርተው እኔን አሰናበቱኝ። ሁሉንም ካስተማርኩ እኔ ምን እሆናለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አልነበረም።

ነገሩ በሙያችን አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር ይኖሩ የነበሩት የቻምበርሌን ቤተሰብ ሐኪሞች በምጥ የተያዘን ሕፃን ጎትቶ የሚያወጣውን መሣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ በምስጢር ይዘው ቆይተዋል። ስንት እናት በዚያ ጊዜ መትረፍ ትችል እንደነበር ማን ያውቃል? በኛም አገር የባህል መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ለመረጠው ልጅ ብቻ፣ ያውም በስተርጅና፣ የሚናገረው ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል እየተባለ ነው። አንዳንዱ ሳይናገር ይሞታል። እውቀቱ እንጀራው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሲስተርን መውቀስ ብቻውን አልጠቀመንም። ከኃላፊያችን ጋር ተነጋግረን ጥቂት ነገር ቀየርን። ካርዶቹ በቁጥር ተደረደሩ፤ ሁለተኛ ቁልፍ ካርድ ክፍል ተቀመጠ። የዶዝ ለውጥ ካርዱና የታካሚው መያዣ ደብተር ላይ በቀንና በፊርማ ካልተጻፈ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ተስማማን፤ የሚጽፈውም ያዘዘው ሐኪም ራሱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሌላ ነርስ ክፍሉን ይይዛል፤ ሲስተር አጠገቡ ትቀመጣለች፣ እጇን ግን አታስገባም። ይህ ነው በጣም የከበዳት። ኃላፊውም የክፍሉ አሠልጣኝ መሆኗን በደብዳቤ ጻፈላት። ሥራዋ የሚለካው ባስተማረቻቸው ሰዎች እንደሆነ በጽሑፍ ማየቷ ከኔ ምክር ሁሉ በላይ ረድቷታል።

ሁሉም ተስተካከለ አልላችሁም። ሰማያዊው ደብተር እስከለቀቅሁ ድረስ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ልዩነቱ፣ እዚያ ያለው ካርዱም ላይ ይገኝ ነበር።

አጠገባችሁ ያለው ሰው ሥራ የበዛበት ነው ወይስ እውቀት የሚደብቅ? ለመለየት አንድ ነገር ሞክሩ። ረዳትና አንድ ሰዓት ስጡት። ሥራ የበዛበት ሰው እፎይ ብሎ ያሳያል። የሚደብቀው ግን ረዳቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ያኔ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደሚፈራ ጠይቁት።

ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች ደግሞ አደራ የምለው ይህን ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የተቀየረበትን ቀንና ምክንያቱን የራሳችሁ ደብተር ላይ አስጽፉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ዶዝ ሲቀየር «ካርዱ ላይ ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። አናፍርባችሁም፣ አንቆጣችሁም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙለትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ፈጥናችሁ አምጡት።

ሰላም ሁኑ።