«ራስሽን ጠብቂ» ያልነው መልእክት



እኛ ባልና ሚስት ሳናስበው የሰፈራችን የእንግሊዝኛ መልእክት አንባቢዎች ሆነናል። በተለይ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ እማማ የምንላቸው፣ ለንደን ተወልዶ ያደገ የልጅ ልጃቸው በጻፈ ቁጥር ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ትንሽ ትንሽም ይናገራል፤ መጻፍ ግን አይችልም።

በጥር ወር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ ሲወጣ አጭር መልእክት ላከ። ስለ ጸሎታቸው «ቺርስ» ይላል፤ ቀጥሎ «ቶክ ሌተር»፣ «ቴክ ኬር»፣ በመጨረሻም አንዲት ኤክስ የምትባል ፊደል። ቺርስን እኛ የምናውቀው ብርጭቆ ሲጋጭ ነው። ለእማማ «ለጤናችን» ብለን ማንበብ ከብዶን ዘለልነው። ኤክሷንም ጣቱ በስሕተት የነካት መስሎን ተውናት። የቀረውን ቃል በቃል ተረጎምን፦ «በኋላ እናወራለን። ራስሽን ጠብቂ።»

እማማ ምንም ሳይሉ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። «በኋላ እናወራለን» ስላለ ይደውላል ብለው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስልኩን ይዘው ተቀምጠዋል። ሳይደውል ሲቀር ደግሞ «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ይከነክናቸው ጀመር። «ከማን ነው የምጠበቀው? ልጄ ምን ሰምቶ ነው?» አሉን። ሌሊቱን በጸሎት አንግተውታል። እንቅልፍ የነሳቸው ልጁ አልነበረም፤ እኛ ነን።

ልጁን ጠየቅነው። ያደገው እንግሊዝ ስለሆነ «ቺርስ» ለእሱ መጠጥ የለበትም፤ ቀለል ያለ «አመሰግናለሁ» ነው፣ አንዳንዴም «ቻው»። (የቃሉ ሥር በድሮ ፈረንሳይኛ «ፊት» ማለት እንደሆነ በኋላ አነበብን። እኛም ደስ ያለውን ሰው ፊቱ በራ እንል የለ!) «ቶክ ሌተር» ቀጠሮ አይደለም፤ ጨዋታውን ለዛሬ ዘጋሁ ማለት ነው። «ቴክ ኬር» ማስጠንቀቂያ የለበትም፤ «ደህና ሁኚ» ነው፣ በቃ። ኤክሷ ደግሞ መሳም ናት። ከሁሉ ያዘንነው በእሷ ነው፤ እማማ የጓጉላትን አንዲት ነገር እኛ ጥለናታል።

እንዲህ ዓይነት ቃል በትርጉሙ ሳይሆን በሥራው ነው የሚተረጎመው። አዲስ ነገርም አይደለም። በሐዋርያት ዘመን የግሪክ ደብዳቤ የሚከፈተው «ኻይሬይን» በሚል ቃል ነበር፤ ሥሩ ደስታ ቢሆንም ሥራው ሰላምታ ነው። ያዕቆብ መልእክቱን የከፈተው በዚሁ ቃል ነው። ጳውሎስ ግን በድምፅ የሚቀርበውን «ጸጋ» የሚለውን ቃል አስገባና «ሰላም» ጨመረበት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ላይ ያለው ደብዳቤ የሚዘጋበት ቃልም በጥሬው «በርቱ» ማለት ነው፤ የዚያ ዘመን ሰው ግን የሚሰማው «ደህና ሁኑ» የሚል ነበር።

ወደ ለንደን የላክነውም እንዲሁ ተበላሽቶ ነበር። እማማ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ? ጤናህስ?» ብለው ያስጻፉንን አራቱንም አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ጻፍን። ልጁ ደንግጦ «አያቴ የታመምኩ መሰላት እንዴ?» ብሎ መለሰ። በአማርኛ አራቱ አንድ ሰላምታ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ አራት ጥያቄ ሆኑበት። «ተባረክ» ያሉትን «ብለስ ዩ» አልነው፤ እሱም «አላስነጠስኩም» ብሎ ሳቀብን፤ እንግሊዞች ላስነጠሰ ሰው የሚሉት ነው። አሁን አራቱን ወደ አንድ አጥፈን «ደህና እንደሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ» እንላለን። «ተባረክ»ን ግን አናቀልለውም። በአማርኛው እንተወዋለን፤ ልጁ ያውቀዋልና።

አንድ ነገር ግን በ«ቴክ ኬር» ውስጥ አጣን። እኛ ስንሰነባበት ሰዓት እንቆጥራለን፤ ጠዋት ከሆነ «ደህና ዋይ»፣ ማታ ከሆነ «ደህና እደሪ»፣ ቶሎ ካልተገናኘን «ደህና ሰንብቺ»። «ቴክ ኬር» ግን ቀንም ሌሊትም ያው ነው። ይህን ለልጁ ስንነግረው ሦስቱንም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉልኝ አለ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ስልኩን ይዘው መጡ፤ እንድናነብላቸው ግን አልነበረም። ልጁ ከለንደን ሲጽፍ እዚያ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ እዚህ ግን ከምሽቱ 2 ሆኗል። መልእክቱ ሁለት ቃልና አንዲት ኤክስ ብቻ ናት፦ ደህና እደሪ።