ላሊበላ ወይስ ስሜን? በየጊዜው የሚለዋወጥ መልስ

«ኩዌሪው ያው፣ ዳታው ያው፣ ውጤቱ ግን ሁለት ጊዜ ስናስኬደው ተለያየ።» እንዲህ የሚል የባግ ሪፖርት ዳታቤዝ ባለበት ቢሮ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ መምጣቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እኔ ጋ በትክክል ይሠራል» የሚል ነው፤ ሪፖርቱም በዚያው ይዘጋል። ይህ አዘጋግ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ያየውን በትክክል አይቷል፤ ዳታቤዙም አልተበላሸም። ስህተቱ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው፤ ጥያቄው እኩል የሆኑ ነገሮችን ማን ይቅደም የሚለውን ሳይወስን ቀርቷል። ያንን ውሳኔ ደግሞ ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊወስነው አይገባም። ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው ዝርዝር ላሳይ።

ኢትዮጵያ እስከ 2024 (ሁሉም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ያስመዘገበቻቸው ቦታዎች 12 ናቸው። በ1978 የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1979 የጎንደሩ ፋሲል ግቢ፣ በ1980 አክሱም፣ ቲያ፣ የታችኛው አዋሽ ሸለቆና የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ተመዘገቡ። ከዚያ ሐረር ጀጎል በ2006፣ ኮንሶ በ2011፣ ባሌና ጌዴኦ በ2023፣ መልካ ቁንጥሬ በ2024 ተከተሉ። ይህን ዝርዝር፣ ዩኔስኮ ለእያንዳንዱ የሰጠውን ቁጥር `id` አድርገን፣ `sites` በሚባል ሰንጠረዥ አስገብተን «መጀመሪያ የተመዘገበው የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ፦

```sql
SELECT name FROM sites ORDER BY year LIMIT 1;
```

ጥያቄው ጤናማ ይመስላል። `ORDER BY` አለው፣ በዓመት ይደረድራል፣ አንድ ረድፍ ይመልሳል። ነገር ግን 1978 ላይ ሁለት ረድፎች አሉ፤ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚል ቃል ኩዌሪው ውስጥ የለም። ስለዚህ «ላሊበላ» ብሎ ቢመልስ ትክክል ነው፤ «ስሜን» ብሎ ቢመልስም ትክክል ነው። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ቢመልስም ደንብ አልጣሰም። `ORDER BY` ጭራሽ ቢቀር ደግሞ ከ12ቱ ማንኛውም ሊመጣ ይችላል፤ መልካ ቁንጥሬ እንኳ።

የዓመት አምድ ሻካራ ስለሆነ እንጂ ሙሉውን ቀን ብንመዘግብ ይለያዩ ነበር የሚል ይኖራል። በሌላ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ሊሠራ ይችላል፤ እዚህ ግን አይሠራም። ላሊበላና ስሜን የጸደቁት በመስከረም 1978 ዋሽንግተን ላይ በተካሄደ አንድ ጉባኤ ነው፤ በ1980 የተመዘገቡት አራቱም አንድ ላይ ነው የጸደቁት። እኩልነቱ የመዝገብ ጉድለት ሳይሆን እውነተኛ ነው። ምንም ያህል ትክክለኛ ሰዓት ብንጨምር «የመጀመሪያው» የሚባል አንድ ቦታ አናገኝም፤ የሌለውን ነገር የጠየቅነው እኛ ነን።

ታዲያ ውጤቱ ለምን ለወራት ሳይለወጥ ቆይቶ አንድ ቀን ይገለበጣል? ፖስትግረስን እንውሰድ። ረድፎቹን ባስገባናቸው ተራ፣ ላሊበላን ቀድመን ስሜንን አስከትለን ብናስገባ፣ ትንሽ ሰንጠረዥ ስለሆነ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዳታቤዙም ከላይ ወደ ታች ያነባቸዋል። አንድ ረድፍ ብቻ ሲፈለግ፣ እኩል ከሆኑት ቀድሞ የተገኘው ይያዛል፣ ኋላ የመጣው ይጣላል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ላሊበላ ይወጣል። አሁን አንድ ሠራተኛ የስሙን አጻጻፍ ያስተካክላል እንበል፦

```sql
UPDATE sites
SET name = 'የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት'
WHERE id = 18;
```

ፖስትግረስ ሲያሻሽል ነባሩን ረድፍ ደልዞ በላዩ አይጽፍም። አዲስ ቅጂ በሌላ ባዶ ቦታ ያስቀምጥና አሮጌውን ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ይተወዋል። የላሊበላ ረድፍ ከገጹ አናት ተነስቶ ወደ መጨረሻው ሄደ ማለት ነው። በቀጣዩ ጊዜ ያንኑ ኩዌሪ ስናስኬድ መጀመሪያ የሚገኘው ስሜን ነው። ዓመቱን የነካው ሰው የለም፣ ኩዌሪውን የነካው የለም፣ የተለወጠው አንድ ስም ብቻ ነው። መልሱ ግን ተገለበጠ። የባግ ሪፖርቱ ጸሐፊ «ምንም አልቀየርንም» ሲል የሚምለው ከልቡ ነው፤ ምክንያቱም የስም እርማት ከቅደም ተከተል ጋር ይገናኛል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም።

ሰንጠረዡ ሲተልቅ ደግሞ ማንም ሰው ምንም ሳይነካ ውጤቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ፖስትግረስ ትልቅ ሰንጠረዥ ሲያነብ ሥራውን ለብዙ ሂደቶች ያከፋፍላል፤ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ባለበት ጫና ይወሰናል። ሌላ ሰው ያንኑ ሰንጠረዥ ማንበብ ጀምሮ ከሆነም የእኛ ንባብ እርሱ ከደረሰበት መሃል ሊጀምር ይችላል። ለዚህ ነው በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ጥቂት ረድፎች ባሉበት፣ ብቻውን ሲሞክረው የማይታየው ስህተት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ዋናው ሰርቨር ላይ የሚታየው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ስለ ኩዌሪው የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፦ ዳታቤዙ ለምን ራሱ፣ ሳይነገረው፣ በመለያ ቁጥር አይደረድርም? አንዳንድ ዳታቤዞች እንዲያ የሚያደርጉ ይመስላል፤ ማይ ኤስኪውኤል ብዙ ጊዜ ረድፎቹን የሚያነበው በዋናው መለያ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የለመደው ሰው ቃል የተገባለት ይመስለዋል። ግን ሌላ ኢንዴክስ ሲጨመር ያ ልማድ ሊፈርስ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ሁሌም መደርደር ዋጋ አለው፤ ቅደም ተከተል የማይፈልግ ጥያቄ ለምን ይክፈል? እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በመለያ ቁጥር መደርደርም ራሱ ውሳኔ ነው። ዩኔስኮ ለስሜን የሰጠው ቁጥር 9 ነው፣ ለላሊበላ 18። `ORDER BY year, id` ብንል ስሜን ሁልጊዜ ይቀድማል። `ORDER BY year, name` ብለን በፊደል ተራ፣ በአጭሩ «ላሊበላ» እና «ስሜን» ተብለው በተጻፉት ስሞች ብንደረድር፣ ለ ከሰ ስለሚቀድም ላሊበላ ሁልጊዜ ይቀድማል። ሁለቱም የማይለዋወጡ ናቸው፣ መልሳቸው ግን ተቃራኒ ነው።

«የመጀመሪያዎቹን አምስት» ብንል ልዩነቱ ይሰፋል። ሦስቱ፣ ማለትም ላሊበላ፣ ስሜንና ፋሲል ግቢ፣ አያጠራጥሩም። ቀሪዎቹን ሁለት ቦታዎች በ1980 የተመዘገቡት አራቱ ይሻሟቸዋል። በመለያ ቁጥር ብንሄድ አዋሽ 10፣ ቲያ 12፣ አክሱም 15፣ ኦሞ 17 ስለሆነ አዋሽና ቲያ ይገባሉ፣ አክሱም ይወጣል። በፊደል ብንሄድ ቲያና አክሱም ይገባሉ፣ «የታችኛው» የሚሉት ሁለቱ ሸለቆዎች ይወጣሉ። ሐቁ የሚለው ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት የሚባሉ እንደሌሉ ነው፤ ያሉት ወይ ሦስት ወይ ሰባት ናቸው። ፖስትግረስ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ይህን በግልጽ ለመናገር የሚያስችል አጻጻፍ አለው፦

```sql
SELECT name, year FROM sites
ORDER BY year
FETCH FIRST 5 ROWS WITH TIES;
```

ይህ ሰባት ረድፍ ይመልሳል። አምስት ጠይቆ ሰባት ማግኘት ስክሪኑን ሊያበላሽ ይችላል ይባል ይሆናል፤ ግን ድንበሩ ላይ እኩልነት እንዳለ ለሚመለከተው ሰው የሚያሳየው እርሱ ነው።

ስለ ቅርስ ዝርዝር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደከምኩ ነበር። በላስታ ወረዳ አንድ ቀበሌ ውስጥ ለእርዳታ የተዘጋጀ የአባወራዎችና እማወራዎች ዝርዝር አለ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ኮታው 60 ቤተሰብ ነው፣ ዝርዝሩም በቤተሰብ ብዛት ይደረደራል። ሰባትና ከዚያ በላይ ሰው ያላቸው 52 ቤቶች ናቸው፣ ልክ ስድስት ሰው ያላቸው 20። ለእነዚህ 20 ቤቶች የቀረው ስምንት ቦታ ነው። ኩዌሪው በብዛት ብቻ ከደረደረ፣ ሰኞ የታተመው ዝርዝርና ሐሙስ የታተመው የተለያዩ ስምንት ቤቶችን ሊይዙ ይችላሉ። ሁለቱም 60 ስም አላቸው፤ ድምሩን ቆጥሮ የሚያረጋግጥ ሰው ምንም አያይም። ዝርዝሩ በገጽ ተከፋፍሎ ከቀረበ ደግሞ ይባስ፤ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው የተላከ ኩዌሪ ስለሆነ አንዲት እማወራ ገጽ ሁለት ላይም ገጽ ሦስት ላይም ልትታይ፣ ሌላዋ የትም ላትታይ ትችላለች።

እዚህ ጋ «ስም ጨምርበትና ይለቅ» የሚለው ፈጣን መፍትሔ ያሳስበኛል። ስም ይደጋገማል፣ ስለዚህ እኩልነቱን ሙሉ በሙሉ አያፈርስም። አለሙ በአ እና ዓለሙ በዐ በፊደል ሰልፉ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ መዝጋቢው በየትኛው እንደጻፈ የቤተሰቡን ዕጣ ይወስናል። ስማቸው በሀ እና በለ የሚጀምር ሰዎች በየዓመቱ ድንበሩን ያልፋሉ፣ በፈ የሚጀምር ሁልጊዜ ይቀራሉ። ውጤቱ አይለዋወጥም፣ ግን ፍትሕ የለውም፤ የማይለዋወጥ ስለሆነም በደሉ ያው ሰው ላይ ይደጋገማል። ሁለተኛው መስፈርት የሕፃናት ቁጥር ይሁን፣ የመሬት ስፋት ይሁን ወይስ በይፋ የሚጣል ዕጣ፣ ያን መወሰን ያለበት ቤተሰቦቹን የሚያውቀው የቀበሌው መራጭ ኮሚቴ ነው። መለያ ቁጥር ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ ውጤቱን ለማጽናት ብቻ ይግባ።

ስለዚህ ሪፖርቱ ሲጻፍ «ዳታቤዙ ያምታታል» አይባል። ሙሉው ኩዌሪ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ይታዩ፣ የሚለያዩት ረድፎች የመደርደሪያ አምዳቸው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። እኩል ከሆኑ ምክንያቱ ተገኝቷል። የሚከተለው ደግሞ እኩልነቱ የት የት እንዳለ ያወጣል፤ በቅርሶቹ ሰንጠረዥ 1978 ላይ ሁለት፣ 1980 ላይ አራት፣ 2023 ላይ ሁለት ይላል፦

```sql
SELECT year, count(*) FROM sites
GROUP BY year HAVING count(*) > 1;
```

ከዚያ «እኩል ሲሆኑ ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ ለዝርዝሩ ባለቤት በስሙ ይላክ፤ መልሱ ሲመጣ በ`ORDER BY` ውስጥ ይግባ። ሪፖርቱን ከመዝጋት በፊት አንድ ፈተና ይቀራል፦ ያንኑ ዳታ በተገላቢጦሽ ተራ አዲስ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ ኩዌሪውን ማስኬድ። አንድ ረድፍ እንኳ ቦታ ከለወጠ የመደርደሪያው መስፈርት ገና አልተሟላም፤ ሪፖርቱ ክፍት ይቆይ።