የዕለቱ ምርት ስለ ምን አነሰ?

በቤታችን ጣራ ላይ እያንዳንዳቸው 500 ዋት የሆኑ ስድስት የፀሐይ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ሰማዩ ጠርቶ በዋለ የጥር ቀን 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይሰጡናል። ማታ ማታም የኢንቨርተሩን ሒሳብ በስልክ መመልከት ልማዳችን ነው። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ከበዓሉ ስንመለስ ግን Today Yield በሚለው ስፍራ የተጻፈው 4.2 kWh ብቻ ሆኖ አገኘነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወጥታ ስለ ዋለች መሣሪያው ተበላሽቷል ብለን ለተከለልን ባለሙያ ስልክ ደወልን፤ ዛሬ ስናስበው የምናፍርበትንም ቃል ተናገርነው።

እርሱ ግን ሳይቆጣ፣ «መምህር፣ ድምሩን ለጊዜው ይተዉትና የቀኑን መሥመር ይመልከቱ» አለን። መሥመሩ ከንጋት ጀምሮ እንደ ኮረብታ ሲወጣ ቆይቶ 10:30 ላይ፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በድንገት ወደ 150 ዋት ወርዶ እስከ ማታ በዚያው ዘልቋል። የባትሪውን ሙላት የሚያሳየው SOC 100% የደረሰውም በዚያው ሰዓት ነበረ። ቤቱ ባዶ ስለ ነበረ ከማቀዝቀዣው በቀር ኃይል የሚፈልግ አልነበረም፤ ኢንቨርተራችንም ትርፉን ወደ ውጭው የመብራት መሥመር ስለማይልክ ሰሌዳዎቹን ገታቸው። ለካስ ያ ቍጥር የሚናገረው ፀሐይ ልትሰጥ የምትችለውን ሳይሆን ቤቱ የተቀበለውን ኖሯል። በማግሥቱ ባትሪው ከሞላ በኋላ 1,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ አበራን፤ መረጃው በየአምስት ደቂቃው የሚታደስ ነውና ጥቂት ታገሥን፤ መሥመሩም ያንኑ ያህል ከፍ አለ። ሰሌዳዎቹ ደኅና ነበሩ። ባለሙያውንም ይቅርታ ጠየቅነው።

በየካቲት ግን ምርቱ ወደ 11 ወረደ። ሁለት ቀን በደመና አሳብበን አለፍነው። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፣ የውኃ ማሞቂያውም በሥራ ላይ ነበረ፣ ባትሪው እስከ ማታ አልሞላም፤ ስለዚህ የቀድሞው ምክንያት አላገለገለንም። ሰሌዳዎቻችን ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተያያዙ ናቸውና እኩለ ቀን ላይ የሁለቱን ረድፎች ቍጥር አስተያየን። PV1 118 ቮልትና 9.8 አምፔር፣ PV2 ደግሞ 79 ቮልትና 9.7 አምፔር ያሳያል። አቧራ ቢሆን ኖሮ ቮልቱ ብዙም ሳይለወጥ አምፔሩ በቀነሰ ነበር። አሁን ግን አምፔሩ እኩል ሆኖ ከቮልቱ አንድ ሦስተኛው ጐድሏል፤ ይህም ከሦስቱ ሰሌዳዎች አንዱ ምንም እንደማይሰጥና የሌሎቹ ኃይል እርሱን ዘልሎ እንደሚያልፍ ያመለክታል። (ሁለቱን ቍጥሮች በአንድ ደቂቃ ማንበብ ይገባል፤ ደመና ሲያልፍ ያሳስታሉና።)

ልጃችን መሰላል አቁሞ ወጣ። ነፋስ ከጎረቤት ያመጣው የሸራ ቁራጭ የመጨረሻውን ሰሌዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖት ኖሯል።